ሥራ ለማስፋት፦ እቁብ፣ ብድር ወይስ የዘመድ ገንዘብ? በአንዲት የእንጅባራ ልብስ ሰፊ ሒሳብ



እንጅባራ ላይ ትንሽ ሱቅ ወይም የእጅ ሥራ ያለው ሰው ሥራውን ላስፋ ሲል ገንዘብ የሚያገኝባቸው በሮች በአብዛኛው ሦስት ናቸው። አንደኛው እቁብ ነው። ሁለተኛው ከአነስተኛ ብድር ተቋም ወይም ከባንክ የሚገኝ ገንዘብ ነው። ሦስተኛው ደግሞ አዲስ አበባ ወይም ጅዳ ያለ ወንድም፣ ወይም እዚያው ሰፈር ያለ አጎት ነው። ብዙዎቻችን ከሦስቱ የምንመርጠው ቀድሞ በተከፈተልን በር እየገባን እንጂ አስልተን አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ሦስቱን በአንድ ምሳሌ ላይ አስቀምጠን እናወዳድራለን። ስናወዳድርም «የትኛው ይረክሳል?» ከሚለው በፊት «ገንዘቡ መቼ እጅ ይገባል? መመለስ የሚጀመረውስ መቼ ነው? ገበያው ቢበላሽ ጉዳቱ በማን ላይ ይወድቃል?» የሚሉትን እናስቀድማለን። ከስረው የተቸገሩ ሰዎችን ታሪክ ስንሰማ ብዙውን ጊዜ የጣላቸው የገንዘቡ ውድነት ሳይሆን ጊዜው ነው።

ምሳሌው

አንዲት ልብስ ሰፊ እህት እንውሰድ። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው አስፋልት ዳር በተከራየቻት ክፍል ውስጥ በአንድ የእግር ሲንጀር ትሠራለች። ዋና ገበያዋ የተማሪዎች ዩኒፎርም ነው። ወላጅ ዩኒፎርም የሚያሰፋው ከነሐሴ እስከ መስከረም ድረስ ስለሆነ ጨርቁ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሱቋ መግባት አለበት። ባለፈው ዓመት ብቻዋን ስለሠራች ብዙ ደንበኛ መልሳለች። አሁን አንድ ባለ ሞተር መኪና በ36,000 ብር መግዛትና የ24,000 ብር ጨርቅ ቀድማ መያዝ ትፈልጋለች፤ ድምሩ 60,000 ብር ነው። የቤት ወጪዋንና ኪራይዋን ከፍላ በሳምንት የሚተርፋት 2,200 ብር ገደማ ነው። ቁጥሮቹን የወሰድናቸው ለስሌት እንዲመቹ ነውና የገበያ ዋጋ አድርጋችሁ አትያዟቸው። አንባቢ የራሱን ቁጥር በቦታው ተክቶ ማስላት ይችላል።

እቁብ፦ ዕጣው ሳይወጣ ቁጠባ፣ ከወጣ በኋላ ዕዳ

ሠላሳ ሰው በሳምንት 2,000 ብር የሚጥልበት እቁብ አለ እንበል። ዕጣው 60,000 ብር፣ ዙሩ ደግሞ ሠላሳ ሳምንት ይሆናል። ወለድ የለውም፤ መያዣ የሚሆን የቤት ካርታም አይጠይቅም። የሚጠይቀው ዋስና ስም ነው። እህታችን ከሚተርፋት 2,200 ብር ላይ 2,000 ብር መጣል ትችላለች፤ በሳምንት የሚቀራት ግን 200 ብር ብቻ ነው። እዚህ ድረስ ሒሳቡ ጠባብ ቢሆንም ያስኬዳል።

ችግሩ ዕጣው መቼ ይወጣል የሚለው ነው። እቁቡን የገባችው ሰኔ መጀመሪያ ላይ ከሆነ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ስድስት ዕጣ ያህል ይወጣል። በብዙ እቁቦች ልማድ የመጀመሪያው የዳኛው ነው። የቀሩት አምስት ዕጣዎች ለሃያ ዘጠኝ ሰው ናቸውና በጊዜው የመድረስ ዕድሏ ከስድስት አንድ አካባቢ ነው። ዕጣው ኅዳር ላይ ቢወጣላት 60,000 ብር ታገኛለች፤ የዩኒፎርሙ ወቅት ግን አልፏል። ጨርቅ የሚፈልግ ደንበኛ የለም፤ ገንዘቡም ቤት ውስጥ ሲቀመጥ ለሌላ ጉዳይ መውጣቱ የተለመደ ነው።

ስለዚህ ወቅቱ የታወቀ ሥራ ያለው ሰው እቁብ የሚገባው አንድ ሙሉ ዙር ቀድሞ ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ የተጀመረ የሠላሳ ሳምንት እቁብ ሐምሌ አጋማሽ ላይ ያልቃል። በዚህ ስሌት የመጨረሻው ዕጣ እንኳ ለጨርቁ ይደርሳል። ቀድሞ የወጣለት ሰው ደግሞ መኪናውን ቀድሞ ገዝቶ መሥራት ይጀምራል። እቁብን ለንግድ የሚጠቀሙ ሰዎች ይህን በልምድ ያውቁታል፤ ገንዘብ ባስፈለጋቸው ዕለት እቁብ ፍለጋ አይሄዱም።

ሁለተኛው ነገር የዋጋ ንረት ነው። እቁብ ወለድ የለውም ማለት ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በሰባቱ ወር ውስጥ የጨርቅና የመኪና ዋጋ በ10 በመቶ ቢጨምር የመጨረሻው ባለ ዕጣ የሚያገኘው 60,000 ብር በመጀመሪያው ቀን 54,500 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ብቻ ይገዛል። የመጀመሪያው ባለ ዕጣ በዚያ መጠን ተጠቀመ፤ የመጨረሻው ተጎዳ። ማንም ያልተስማማበት፣ ዕጣ ያመጣው ልዩነት ስለሆነ ማንም አይከሰስበትም። ነገር ግን ሲሰላ መታወቅ አለበት።

ሦስተኛውን በተለይ ለእኛ አንባቢዎች ማንሳት ያስፈልጋል። እቁብ በመሠረቱ እርስ በርስ መበዳደር ነው፤ እያንዳንዱ የሰጠውን ያህል ብቻ ይወስዳል። የሳዑዲ ዐረቢያ የትልልቅ ዑለማዎች ምክር ቤት በ1410 ዓመተ ሒጅራ ጉዳዩን አይቶ በአብላጫ ድምፅ ፈቅዶታል። የሚበላሸው ዕጣ ሲሸጥ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ለቸኮለው ሰው «5,000 ብር ስጠኝና ውሰደው» ካለ፣ ገዢው 55,000 ብር ወስዶ 60,000 ብር ሊከፍል ነው። ይህ ስሙ ይለወጥ እንጂ በብድር ላይ የተጨመረ ትርፍ ነው። አንዳንድ እቁቦች ይህን «ጨረታ» እያሉ በደንባቸው ጭምር ያስገቡታል። ለችግረኛ ተራን በነጻ መልቀቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ እርዳታ ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት «ዕጣ ይሸጣል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ለዳኛውና ለጸሐፊው ስለሚሰጠው የድካም ዋጋ ጥርጣሬ ካላችሁ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ።

አሁን ወደ አደጋው እንምጣ። እቁብ የሚፈርሰው አብዛኛውን ጊዜ በዙሩ መካከል ነው፤ ቀድመው የበሉት መጣል ሲያቆሙ። በአሥረኛው ሳምንት ላይ ቢፈርስ ያልወጣላት እህታችን 20,000 ብር ከእጇ ወጥቷል። የወጣለት ሰው ደግሞ 60,000 ብር ይዞ 40,000 ብር ዕዳ አለበት። ያንን 40,000 ብር የሚያስመልሰው የዋሱ ፊርማ ብቻ ነው። የተጻፈ ደንብ፣ የአባላት ዝርዝርና የዋስ ፊርማ ያለው እቁብ ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ የሚያሳየው ማስረጃ አለው። በቃል የተያዘ እቁብ ግን በሽማግሌ ትዕግሥት ላይ የቆመ ነው።

ሊፈርስ ያለ እቁብ ቀድሞ ምልክት ይሰጣል። የአባላት ዝርዝር ለአባላት አይታይም። ዳኛው በሌላ ሰው ስም ብዙ ዕጣ ይዟል ይባላል። ዕጣ ከአባላት ፊት አይወጣም፤ «ለእገሌ ወጣ» ተብሎ በስልክ ይነገራል። የወጣለት ሰው ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ሳይሆን በሁለትና በሦስት ጊዜ ይቀበላል። የመጨረሻው ምልክት ሲታይ ችግሩ ገብቷል ማለት ነው፤ ሣጥኑ ውስጥ የጎደለ ገንዘብ አለ።

ብድር፦ ወለዱ እንዴት እንደሚሰላ፣ ሙራባሓስ ምን እንደሚገዛ

በአማራ ክልል አነስተኛ ብድር ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ ባንክነት ተቀይሮ ጸደይ ባንክ ሆኗል። ተቋሙ የታወቀው በቡድን ብድር ነበር፤ ጥቂት ጎረቤታሞች እርስ በርስ ዋስ ሆነው ይበደራሉ፣ አንዱ ካልከፈለ ሌሎቹ ይጠየቃሉ። ከፍ ላለ ገንዘብ በግል የሚበደር ሰው ደግሞ የደመወዝ ዋስ ወይም የቤት ካርታ ይጠየቃል። ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና መታወቂያ የትም ቢሆን ያስፈልጋሉ፤ ያገባ ሰው የትዳር ጓደኛው ፊርማ ይጠየቃል። ማመልከቻ በገባ ማግስት ገንዘብ ይገኛል ብሎ ማሰብ ስህተት ነው። ለሐምሌ የሚፈለግ ገንዘብ ግንቦት ላይ መጠየቅ አለበት።

ወለድ ያለበትን ብድር እዚህ የምናነሳው ለመምከር አይደለም። ወለድ ሐራም መሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ነገር ግን ብዙ ሰው ሳያውቀው የፈረመው ውል እጁ ላይ አለ፤ አማራጩንም ለመመዘን ስሌቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ለምሳሌ 60,000 ብር በዓመት 18 በመቶ ተባለ እንበል። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ የሚሰላ ከሆነ በየወሩ 5,500 ብር ገደማ ይከፈላል፤ በዓመቱ የሚከፈለው ወለድ 6,000 ብር አካባቢ ነው። ዕዳው እየቀነሰም ቢሆን ወለዱ እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው 60,000 ብር ላይ የሚሰላ ከሆነ ግን ወለዱ 10,800 ብር፣ የወሩ ክፍያ 5,900 ብር ይሆናል። ሁለቱም «18 በመቶ» ተብለው ይነገራሉ። ሁለተኛው በመጀመሪያው ስሌት ቢለካ ከ31 በመቶ በላይ ነው። በዚህ ላይ የግዴታ ቁጠባ ከተቀነሰ ተበዳሪው እጁ ላልገባ ገንዘብ ጭምር ወለድ ይከፍላል።

ከወለድ ነጻ የሆነው በር በአገራችን የተከፈተው ዘግይቶ ነው። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 መደበኛ ባንኮች በመስኮት እንዲሠሩ ፈቀደ። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆኑት ዘምዘምና ሒጅራ ባንኮች ሥራ የጀመሩት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ለትንሽ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ የሚቀርበው ሙራባሓ ነው። ሙራባሓ ብድር አይደለም፤ ግዢና ሽያጭ ነው። እህታችን መኪናውን መርጣ ከሻጩ ፕሮፎርማ ታመጣለች። ተቋሙ መኪናውን በራሱ ስም ገዝቶ ይረከባል። ከዚያ የገዛበትን ዋጋና ትርፉን ነግሮ በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ይሸጥላታል። በ36,000 ብር የተገዛው መኪና በ41,400 ብር ከተሸጠላት በዓመት ውስጥ በየወሩ 3,450 ብር ትከፍላለች። ክፍያ ብታዘገይ ዋጋው 41,400 ብር ሆኖ ይቆያል፤ አይጨምርም። ለማዘግየት ቅጣት ቢኖር እንኳ የተቋሙ ገቢ መሆን የለበትም፤ ለበጎ አድራጎት ነው የሚሄደው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር በግልጽ እንናገር። አንደኛ፣ ከወለድ ነጻ ማለት ርካሽ ማለት አይደለም። ከላይ ባለው ምሳሌ ትርፉ 5,400 ብር ነው፤ ለዚያው 36,000 ብር በቀሪ ዕዳ የሚሰላ 18 በመቶ ወለድ 3,600 ብር ያህል ነበር። ልዩነቱን እያወቀ ሐላሉን የሚመርጥ ሰው በኋላ «ተታለልኩ» አይልም። ትርፉ የሚደራደሩበት ዋጋ ስለሆነ ሁለት ቦታ ጠይቆ ማወዳደርም ነውር የለውም።

ሁለተኛ፣ ሙራባሓ የሚገዛው የሚጨበጥ ዕቃ ብቻ ነው። መኪናው ይገዛል። ጨርቁም ሊገዛ ይችላል፤ ግን ሻጩ ንግድ ፈቃድ ያለውና ደረሰኝ የሚቆርጥ ከሆነ ነው። ከጓዳ ነጋዴ ያለ ደረሰኝ የሚመጣ ጣቃ አይሆንም። ኪራይ መክፈል፣ ለረዳት ሰፊ ደመወዝ መስጠት፣ የቆየ ዕዳ መዝጋት በሙራባሓ አይቻልም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳትና ውሉን ያበላሻል። ከወዳጅ ሱቅ ባዶ ፕሮፎርማ ያስጽፋል፣ ተቋሙ ለሱቁ ይከፍላል፣ ሱቁ ጥቂት ቀንሶ ጥሬ ገንዘቡን ለደንበኛው ይመልሳል። ዕቃ አልተገዛም፤ የተደረገው ገንዘብን በበለጠ ገንዘብ መለዋወጥ ነው። ይህ የምንሸሸው ወለድ ራሱ ነው፤ ሐሰተኛ ሰነድም ተጨምሮበታል። ጥፋቱ ከተቋሙ በኩልም ሊሆን ይችላል። ሠራተኛው «ዕቃውን አንቺው ግዢ፣ ገንዘቡን ሒሳብሽ ላይ እናስገባለን» ካለ ተቋሙ ሳይገዛና ሳይረከብ እየሸጠ ነውና ቁሙ፣ ጠይቁ።

የዘመድ ገንዘብ፦ ርካሹ ግን ያልተጻፈው

ወንድሟ ጅዳ ነው እንበል። ደውላ ጠየቀችው፣ ገንዘቡ በሳምንት ውስጥ መጣ። ወለድ የለም፣ ፕሮፎርማ የለም፣ ዋስ የለም። በሸሪዓ ቋንቋ ይህ ቀርድ ሐሰን ነው፤ ምንዳውም ትልቅ ነው። ከሦስቱ በሮች በሐምሌ አጋማሽ በእርግጠኝነት የሚደርሰው ይህ ነው።

የሚያጣላውም ይኸው ነው። የሚያጣላው ገንዘቡ ሳይሆን ገንዘቡ ምን እንደሆነ አለመታወቁ ነው። ወንድም «ላኩላት» ይላል፤ እህት «ረዳኝ» ትላለች። ስጦታ ነው? ብድር ነው? ሽርክና ነው? ሥራው ከከሰረ ስጦታ ነበር ትላለች። ሥራው ካደገ ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ ወንድም ሲመጣ «ሱቁ የጋራችን አይደል?» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም፤ እያንዳንዱ ልቡ ውስጥ ያለውን ነው የተናገረው። እንዲህ ዓይነቱ ክርክር ወላጅ ሲሞትና ውርስ ሲከፈል ይከፋል፤ በሸሪዓ የሟች ዕዳ ከውርስ በፊት ይከፈላልና ዕዳ መኖሩን የሚያስረዳ ወረቀት ካልተገኘ ወራሾች ይጣላሉ።

ዕዳን መጻፍ አለመተማመን የሚመስላቸው አሉ። የቁርኣን ረጅሟ አንቀጽ፣ ሱረቱል በቀራ 282፣ ስለ ዕዳ መጻፍ መሆኗን ማስታወስ ይበቃል። የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነትና መሐላ ካልሆነ በምስክር ብቻ እንዲረጋገጥ አይፈቅድም። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነውና 500 ብር ያኔ ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን ማንኛውም የንግድ ብድር ከዚያ ይበልጣል። ሦስት ሰው አይቷል ማለት ብቻውን አያዋጣም።

ወረቀቱ ረጅም መሆን የለበትም። የሰጪና የተቀባይ ስም፣ መጠኑ፣ ቀኑ፣ «ብድር ነው፣ በሱቁ ውስጥ ድርሻ አይሰጥም» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ የመመለሻው ቀን፣ የሁለት ምስክር ፊርማ። ወንድም ውጭ አገር ከሆነ ወረቀቱ በፎቶ ሄዶ በስልክ ጽሑፍ «ተስማምቻለሁ» ማለቱ ከምንም ይሻላል፤ ሲመጣ ይፈርምበታል።

ከውጭ ለሚመጣ ገንዘብ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ የምንዛሪው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት 1,000 ዶላር ተበድሮ በዶላር ለመመለስ ቃል የገባ ነጋዴ 57,000 ብር ተቀብሎ ከ100,000 ብር በላይ ዕዳ ላይ ወደቀ። ሽያጩ በብር ነው፤ ዕዳው በዶላር። በፊቅህ መሠረቱ ብድር በተወሰደበት ገንዘብ ይመለሳል የሚለው ነው። ስለዚህ ወንድም የሚልከው ሪያል ቢሆንም እህት የምትበደረው ብር መሆኑን፣ ብሩም ስንት እንደሆነ፣ ገንዘቡ በሚሰጥበት ዕለት መጻፍ አለበት። አበዳሪው በዚህ ሊጎዳ ይችላል፤ ያንን አውቆ ይስማማ ወይም ይተው።

አንዳንድ ዘመድ «መመለሱ ይቆይ፣ እስከዚያ በየወሩ 1,000 ብር ጣል አድርጊልኝ» ይላል። ለደግነት የተባለ ይመስላል፤ ግን በብድር ላይ የተቆረጠ ጭማሪ ስለሆነ ወለድ ነው። ትርፍ የሚፈልግ ዘመድ በሙዳረባ ይግባ። እሱ ገንዘቡን፣ እሷ ሥራዋን ታቀርባለች፤ ትርፉን በመቶኛ ይካፈላሉ። ያለ እሷ ጥፋት ከከሰረ ግን ገንዘቡ የከሰረው የእሱ ነው። ይህን ሲሰሙ ብዙዎች «ብድር ይሁን» ብለው ይመለሳሉ፤ እሱም ጥሩ ነው፣ ቢያንስ ታወቀ።

ገበያው ቢበላሽስ?

በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ይህን ሳይጠይቁ ማስላት አይቻልም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተፈጠረው ግጭት መንገድ ሲዘጋ፣ ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ በርካታ ትምህርት ቤቶችም ሳይከፈቱ ሲቀሩ አይተናል። ለዩኒፎርም ሰፊ ትምህርት ቤት አለመከፈቱ ገበያው በሙሉ ቀረ ማለት ነው። እንግዲህ እህታችን ጨርቁን ገዝታ፣ ቆርጣና ሰፍታ መስከረም ላይ ገዢ አጣች እንበል።

60,000 ብሩን ከእቁብ አግኝታው ከሆነ በየሳምንቱ 2,000 ብር ለሃያ ዘጠኝ ጎረቤት ትጥላለች። እነሱም በዚያው ገበያ የሚሠሩ ናቸውና ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጠብባቸዋል። ደህና ዳኛ ያለው እቁብ እንዲህ ሲሆን አባላቱን ሰብስቦ ለአንድ ወር ያቆማል ወይም የሳምንቱን ወደ ሁለት ሳምንት ያደርጋል፤ ይህ የእቁብ ትልቅ ጥንካሬ ነው። መጥፎ ዳኛ ያለው እቁብ ደግሞ የሚፈርሰው በዚሁ ወር ነው። ባለ ወለድ ብድር ከሆነ የማራዘሚያ ስምምነት ቢገኝ እንኳ ወለዱ ይቆጥራል። ሙራባሓ ከሆነ የወሩ 3,450 ብር ይጠበቃል፤ ዋጋው ግን አይጨምርም፣ መኪናውም ለሌላ ልብስ ያገለግላል። የዘመድ ገንዘብ ከሆነ አንድ ስልክ መደወል ነው፤ ወንድም የራሱ ሠርግ ወይም ሐጅ ካልደረሰበት ይጠብቃል።

ልብ በሉ፣ ለገበያው መበላሸት የሚጋለጠው ጨርቁ ነው፤ መኪናው ግን ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። ስለዚህ እኛ ብንጠየቅ 60,000 ብሩን ከአንድ በር አናመጣውም። ወቅቱ ካለፈ የሚቆመውን የጨርቁን 24,000 ብር መጠበቅ ከሚችለው ሰው፣ ከዘመድ፣ እስከ ጥቅምት መጨረሻ በተጻፈ ብድር እንውሰድ። ነገሩ በሰላም ካለፈ ከዚያ ጨርቅ 42,000 ብር ሽያጭ ይወጣል እንበል፤ ለክር፣ ለቁልፍና ለረዳት 8,000 ብር ይሄዳል፤ 24,000 ብሩ ተመልሶ 10,000 ብር ይተርፋል። መኪናውን በሙራባሓ፤ በወር 3,450 ብር። በወር ከሚተርፋት 9,400 ብር ገደማ ላይ ይህ ሲቀነስ ወደ 6,000 ብር ይቀራል፤ አንድ መጥፎ ወርን የሚያሳልፋት ይህ ነው።

ከዚህ ጎን ሙሉ ዕጣ እቁብ መግባት አትችልም፤ በሳምንት 2,000 ብር በወር ከ8,500 ብር በላይ ነውና ሁለቱ ሲደመሩ ካላት ይበልጣል። ከአንድ ሰው ጋር ግማሽ ዕጣ ይዛ በሳምንት 1,000 ብር መጣል ግን ይቻላታል። ያንን እቁብ ታኅሣሥ ላይ ብትጀምር የሚደርሳት 30,000 ብር ለሚቀጥለው ክረምት ጨርቅ ይሆናል፤ ያኔ ወደ ጅዳ መደወል አያስፈልጋትም። ግማሽ ዕጣ የያዙ ሁለት ሰዎች ገንዘቡ በወጣበት ቀን እኩል መካፈላቸውን እንጂ አንዱ ቀድሞ ወስዶ ሌላው እንዳይጠብቅ በደንቡ ማስጻፍ አለባቸው።

ለመኪናው አንድ ነገር እንጨምር። መብራት በሚጠፋበት ቀን ባለ ሞተሩ ይቆማል፤ የወሩ ክፍያ ግን አይቆምም። የድሮዋን የእግር ሲንጀር ሸጣ ለመኪናው ግዢ የምትጨምር እህት በመስከረም የመጀመሪያ ሳምንት ይህን ታስታውሳለች። ሲንጀሯ ትቀመጥ።